ቅጠል፣ ፍልቅልቅ ወይስ ለምለም? በሁለት ቋንቋ የሚጠራ ስምና ቀላል ሎጎ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። የልጆች ልብስ እየሰፋሁ መሸጥ ልጀምር ነው። ከደንበኞቼ ከፊሎቹ አማርኛ፣ ከፊሎቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናቸው። ሦስት ስም ይዤ ግራ ገብቶኛል፦ ቅጠል፣ ፍልቅልቅ እና ለምለም። ወይስ ለአማርኛው አንድ፣ ለእንግሊዝኛው ሌላ ስም ልስጠው? ለሎጎው ያሰብኩት ዛፍ ሥር የተቀመጠ ልጅ፣ መርፌና ክር፣ ከላዩ ላይ ስሙ በሁለቱም ፊደል ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ስለ ሁለት ስም ከጠየቁት ልነሳ፤ እሱን ይተዉት። አንዷ እናት «ከቅጠል ነው የገዛሁት» ትላለች። ጓደኛዋ ደግሞ «እኔ የማውቀው Leaf የሚባል ነው» ትላለች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ እርስዎ ነው፤ ግን አይገናኙም። ስም የሚያድገው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ነው። ሁለት ስም ካለዎት አንዱ ያፈራውን ዝና ሌላው አይወርሰውም። የሚያስፈልግዎት አንድ ድምፅ ነው፤ በሁለት ፊደል የሚጻፍ፣ በሁለቱም አፍ ላይ ያው ሆኖ የሚቀር።

ስለዚህ እኔ ስምን የምፈትነው በጉዞው ነው። አንድ ሰው ስምዎን ይሰማል። ሰምቶ ስልኩ ላይ ይጽፋል። የጻፈውን ሌላ ሰው አይቶ ጮክ ብሎ ያነበዋል። መጨረሻ ላይ የወጣው ድምፅ መጀመሪያ ከተነገረው ጋር ከተቀራረበ ስሙ ይሠራል። መንገድ ላይ ከተበላሸ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዕድሜዎን በሙሉ «አይ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» እያሉ ሲያርሙ ይኖራሉ። ሦስቱን ስሞች በዚህ መንገድ እንሂድባቸው።

ቅጠል አጭር ነው፣ ትርጉሙም ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በላቲን ፊደል ልጻፈው ሲሉ ነው። ቅ በእንግሊዝኛ የለችም። አንዱ በ k፣ ሌላው በ q ይጽፋታል። ቀጥሎ ያለችው አጭር አናባቢም ቋሚ ፊደል የላትም፤ አንዱ i፣ ሌላው e ያደርጋታል። Kitel፣ Ketel፣ Qitel፣ Qetel፤ አራቱም ትክክል ይመስላሉ። ሰው ሲፈልግዎት የቱን ይጻፍ? ከሁሉ ቀለል ያለውን፣ Ketel የሚለውን፣ ብንመርጥ እንኳ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲያነበው «ኬትል» ይላል። ኬትል ማለት ደግሞ የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ነው። ለልጆች ልብስ የሚሆን ስም አይደለም።

ፍልቅልቅን በጣም እወደዋለሁ። አማርኛ ለሚችል ሰው ስሙ ብቻውን የሚስቅ ልጅ ፊት ያሳያል። ግን አምስቱንም ፊደላት ይዩአቸው፤ ሁሉም ሳድስ ናቸው። ሳድስ አንዳንዴ አጭር ድምፅ አላት፣ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፅ የላትም። ይህን የአማርኛ ጆሮ ያውቀዋል፤ የላቲን ፊደል ግን አያሳየውም። Filiqliq ይሁን Felkelk ወይስ Filklik? አንድ ሰው እንኳ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፈውም። ይህን ስም ለመጀመሪያው ልብስዎ ሞዴል መጠሪያ ያድርጉት፤ ለድርጅቱ ግን አይሆንም።

ከእነዚህ ሁለት ስሞች አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገሩ የሚያስቸግሩት በዋናነት ግዕዝና ሳድስ ናቸው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ሳብዕ ግን፣ ማለትም ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቦ የሚሉት፣ u፣ i፣ a፣ o ሆነው ያለ ብዙ ክርክር ይሻገራሉ። ኃምስ መካከል ላይ ስትሆን ደህና ናት። መጨረሻ ላይ ከመጣች ግን እንግሊዝኛ አንባቢ ይውጣታል። «ቤቴ» ብለው ሰይመው Bete ብለው ቢጽፉት «ቢት» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም።

ስለ ተነባቢዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እና ቀ በእንግሊዝኛ አፍ ላይ ወደ ተ፣ ቸ፣ ሰ፣ ፐ እና ከ ይለሳለሳሉ። ይህ ብቻውን ስሙን አይጥለውም። ጥያቄው ሲለሳለስ ሌላ ቃል ይሆናል ወይ የሚለው ነው። «ጠራ» ብለው የሰየሙት ንግድ በእንግሊዝኛ አፍ «ተራ» ይሆናል። ይሄ ኪሳራ ነው። ለስልሶም ያው ቃል መሆኑ የሚታወቅ ከሆነ ግን ችግር የለውም። መጥበቅና መላላትም እንደዚሁ ነው። «ዋና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት የተለያየ ቃል ነው፤ ፊደላችንም ልዩነቱን አይጽፈውም፣ የእንግሊዝኛ ጆሮም አይሰማውም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ፈተና አለ። እንግሊዝኛ ስም ልምረጥ ቢሉ Thread የሚለው ለስፌት ሥራ የሚመጥን ይመስላል። አማርኛ ተናጋሪው ግን «ትሬድ» ይለዋል፤ ያ ደግሞ Trade ከሚለው ጋር አንድ ሆነ። Sprout ቢሉት መጀመሪያው ላይ ሦስት ተነባቢ ተደራርቧል፤ ብዙ ሰው «እስፕራውት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከልጆቻቸው ስም ሁለት ሁለት ፊደል ወስደው አዲስ ቃል የሚፈጥሩም አሉ። በላቲን ፊደል Leba ተብሎ ሲጻፍ ደስ ይላል። ጮክ ብለው ያንብቡትና ሌባ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ማንኛውንም ስም ከመውደድዎ በፊት በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብለው ይጥሩት።

ለምለም ይህን ሁሉ ፈተና ያልፋል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ፊደላት ሁለት ጊዜ ይደጋገማሉ፣ ስለዚህ ከአእምሮ አይጠፋም። ለ እና መ በሁለቱም ቋንቋ አሉ። አጻጻፉንም ብዙ ሰው Lemlem ብሎ ነው የሚያውቀው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ስሙ ባለቤት አለው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የልብስ ድርጅት ስሙ lemlem ነው። ሥራውም ልብስ ነው። «Lamlam ብዬ ብጽፈውስ?» እንዳይሉ፤ የንግድ ምልክት ሲመዘን አጻጻፉ ብቻ ሳይሆን ድምፁም ይታያል። በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ስም ማውጣት ክርክር መግዛት ነው። ክርክሩ ባይመጣ እንኳ እርስዎን ፍለጋ የወጣ ደንበኛ የሚያገኘው እነሱን ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ከወደቁ ምን ይቅር? የእርስዎ ሐሳብ ግን አልወደቀም። ሦስቱም ስሞች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ አዲስ፣ የሚያድግ፣ ደስ የሚል። እዚያው አካባቢ ቆይተን ድምፁ የሚሻገር ቃል እንፈልግ። እንቡጥ ብዬ አሰብኩ። Enbut ሲባል መጨረሻው ለእንግሊዝኛ ጆሮ መቀመጫ የሚል ይመስላል፣ ተውኩት። ጨቅላ ደግሞ ጨ እና ቅ ተከታትለውበታል። ቡቃያ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ቡ፣ ቃ፣ ያ። ሦስት ክፍለ ቃል፣ ሁሉም በአናባቢ የሚያልቁ። አንድ ካዕብ፣ ሁለት ራብዕ፤ ሳድስም ግዕዝም የለበትም። ቃ ወደ ካ ቢለሳለስ «ቡካያ» ይሆናል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሰምቶ ቡቃያ ለማለት እንደተፈለገ ወዲያው ይገባዋል፣ ሌላ ቃል አይሆንበትም። ደግሞ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ከሚባሉት ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላት አንዱም የለበትም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። ፀሐይ የሚባል ንግድ በአማርኛ ብቻ እንኳ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ እየተባለ ይፈለጋል። ቡቃያን ግን በፊደላችን የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው በአንድ መንገድ ነው።

በላቲን ፊደል Bukaya ብለው ይጻፉት። Buqaya ለድምፁ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ አንባቢ ከ q ቀጥሎ u ካላየ ይደናገራል። ፍጹም ነው እያልኩዎት አይደለም። አንዳንዱ ሰው መካከሉን «ኬ» ብሎ፣ አንዳንዱ መነሻውን «ቢዩ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ግን አንድ ጊዜ ሲሰማው ይያዝለታል፣ ያነበበውና የሰማው አንድ ስም መሆኑንም ያውቃል። ከሁለት ቋንቋ ስም ከዚህ በላይ መጠበቅ ይከብዳል።

«እንግሊዝኛ ተናጋሪው ትርጉሙን አያውቀውማ» ብለው ይጨነቁ ይሆናል። አያስፈልገውም። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ለካሜራው ኮዳክ የሚል ስም ሲያወጣ ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም አልነበረውም። የፈለገው አጭር የሆነ፣ ለመሳሳት የማይመች፣ ሌላ ነገር የማይመስል ስም ነበር። ትርጉሙን ዕቃው ሰጠው። የእርስዎ እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ለአንዱ ደንበኛ ትርጉም አለው፣ ለሌላው ደግሞ ደስ የሚል አዲስ ድምፅ ነው። ከዚያም በላይ ሕጉን ያግዝዎታል። «የልጆች ልብስ ስፌት» የሚል ገላጭ ስም ቢያወጡ ማንም ሊጠቀምበት የሚገባ ቃል ነውና ለብቻዎ ለማስመዝገብ ይቸገሩ ነበር።

አሁን እኔ ስላልኩዎት ብቻ አይውሰዱት፤ ይፈትኑት። ስሙን ከዚህ በፊት ሰምተው የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ከሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ይሁኑ። ዘመድ ባይሆኑ ይመረጣል፣ ዘመድ ሁሉንም «በጣም ያምራል» ይላል። ለግማሾቹ በስልክ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሯቸውና እንዲጽፉት ይጠይቁ። አይድገሙላቸው፣ ፊደል በፊደልም አይንገሯቸው። ለቀሪዎቹ Bukaya የሚለውን ጽፈው ያሳዩአቸውና ጮክ ብለው እንዲያነቡት ያድርጉ፤ ድምፃቸውን ይቅዱ። በማግስቱ ለሁሉም ደውለው «ትናንት ያልኩህ ስም ምን ነበር?» ይበሉ። «ያምራል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ምንም አይነግርዎትም። የሚያዩት የተጻፉት ቃላት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ፣ በማግስቱ የቀረው ድምፅም ምን እንደሆነ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ከሠራ ስህተቱ የስሙ ነው፤ አጻጻፉን ያስተካክሉ ወይም ስሙን ይቀይሩ።

ቀጥሎ ባለቤት እንዳለው ይፈትሹ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት Global Brand Database የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለው። እዚያ Bukaya፣ Buqaya እና Bukaia ብለው ይፈልጉ። የንግድ ምልክቶች የሚመደቡት በ45 ክፍል ነው፤ ልብስና ጫማ ክፍል 25 ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚመሳሰል ካገኙ ይቁሙ። ከዚያ በሚሠሩበት አገር የምልክት መዝገብ፣ በመደበኛ መፈለጊያና በማኅበራዊ ገጾች በሁለቱም ፊደል ይፈልጉ። ይህን ሳይጨርሱ አንድም ነገር አያሳትሙ። ንግድ ፈቃድ ላይ ስሙ መግባቱም ብቻውን የንግድ ምልክት ባለቤት አያደርግዎትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ምዝገባዎች ናቸው።

ስሙ ከጸና ወደ ሎጎው እንምጣ። ዛፍ፣ ልጅ፣ መርፌ፣ ክር፣ ከዚያ ሁለት ጽሑፍ፤ ይሄ ሎጎ ሳይሆን ሥዕል ሆነ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ያምራል። ሎጎ ግን የሚለካው በሚገባበት ትንሹ ቦታ ነው። የእርስዎ ትንሹ ቦታ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከልብሱ አንገት ውስጥ የሚሰፋው ምልክትና የስልክ ላይ ምስል። የአንገቱ ምልክት ስፋት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ላይ የልጁ ፊት ነጥብ ይሆናል፣ መርፌዋም ትጠፋለች። ስለዚህ ከትንሹ ይጀምሩ፤ ትንሹ ላይ የሠራ ትልቁ ላይ ይሠራል።

ሎጎው ሁለት ክፍል ይኑረው፤ አንድ ምልክትና አንድ ጽሑፍ። ለምልክቱ ቡ የምትለዋን ፊደል መጠቀም ያጓጓል። የቀኝ እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ቅጠል ብትሆን ደስ ትላለች። ግን እንግሊዝኛ አንባቢ የሚያየው n ነው፤ ስሙ ደግሞ በ B ይጀምራል። B ብናደርገውም አማርኛውን ትተነዋል። ከሁለቱም ፊደል ያልሆነ ምልክት ይሻላል። ቡቃያ ራሱ ሥዕሉን ይሰጠናል፤ አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅጠል። ሁለት እኩል ቅጠል ግን በየቦታው ያለ ምልክት ነው፤ ለማስመዝገብም ለማስታወስም አይመችም። አንዱን ቅጠል ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ ያድርጉት፤ እናትና ልጅ እንዲመስሉ። ግንዱ ከታች ዞር ብሎ እንደ ክር ጫፍ ይጠቅለል። ልጁም ክሩም ገቡ፣ አንድም ሰው ሳይሳል።

መስመሩን ደፈር አድርገው ይሳሉት። የምልክቱን ወርድ ስምንት ቦታ ቢከፍሉት ከሁሉም የቀጠነው መስመር ከአንዱ ክፍል ባይቀጥን ጥሩ ነው። እንዲህ ከሆነ የድረ ገጽ ትንሿ ምስል፣ 16 በ16 ፒክሰል የሆነችው፣ ላይ ግንዱ ሁለት ፒክሰል ውፍረት ይኖረዋል፣ ይታያል። ማኅበራዊ ገጾች ምስሉን በክብ ስለሚቆርጡት ደግሞ ምልክቱ ከካሬው መካከለኛ 70 በመቶ ውስጥ ይቀመጥ። ወደ ጥጉ የተጠጋ ቅጠል ይቆረጣል።

ጽሑፉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላቲኑን መርጦ ጨርሶ አማርኛውን በመጨረሻ ለጥፎ ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ የአማርኛውን የፊደል ቅርጽ ይምረጡ፤ ምርጫው ጠባብ ነው። ከሱ ጋር የሚሄድ ላቲን ማግኘት ቀላል ነው። ለምሳሌ Noto Sans Ethiopic ነጻ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ደረጃ አለው፣ ከ Noto Sans ጋርም አብሮ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ወፍራም ደረጃ የሌለውን ፊደል በኮምፒውተሩ ቁልፍ «ቦልድ» አያድርጉት፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ የቃ ወገብም የቡ ቅጥያም ጭቃ ይሆናሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቁመታቸው አንድ አይመስልም። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም። ቁመቱ ለላቲን ትልልቅ ፊደላት ይቀርባል። ስለዚህ BUKAYA ብሎ በትልልቁ መጻፍ ማመጣጠኑን ያቀልልዎታል። ግን የመስመሩ ውፍረት እኩል መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ እኩል ሆኖ ዓይን ላይ አንዱ ሊከብድ ይችላል። ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት፤ አንዱ ጠቆር ብሎ ከታየ ያንን ያቅጥኑት። ሌላው ነገር ርዝመት ነው። ቡቃያ ሦስት ፊደል፣ BUKAYA ስድስት። እኩል ይሁኑ ብለው አማርኛውን ወደ ጎን አይለጥጡት፤ ፊደሉ ተጨፍልቆ ያስቀይማል። ቡቃያን ከላይ ተለቅ አድርገው፣ BUKAYA ከሥሩ አነስ ብሎ ቢቀመጥ ርዝመታቸው ራሱ ይገናኛል።

ጥልፍ ካሰቡ አንድ ገደብ አለ። ቁመቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጽሑፍ በክር ሲጠለፍ ይደፈናል። ለፊደላችን ከዚያም ከፍ ቢል ይሻላል፣ ቡ ቅጥያዋ ከጠፋች በ ትሆናለችና። ስለዚህ ለአንገቱ ምልክት ሁለቱንም ጽሑፍ አያጭቁ። ቅጠሎቹና ቡቃያ ብቻ፣ ወይም ቅጠሎቹና BUKAYA ብቻ ይበቃሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ሰፊ ቦታ ባለበት፣ ለምሳሌ በማሸጊያው ላይ ይሁኑ።

ቀለም የመጨረሻ ይሁን። መጀመሪያ በጥቁር ብቻ ይሥሩት፤ በጥቁር ካልሠራ ቀለም አያድነውም። ከዚያ አንድ ቀለም ይምረጡ፣ ለጥቁር ጨርቅ የሚሆን ነጭ ቅጂም ያዘጋጁ። ፋይሉን ሲረከቡ በ SVG እና በ PDF ይቀበሉ፣ ጽሑፉም ወደ ቅርጽ የተለወጠ ይሁን። ካልተለወጠ ፊደሉ የሌለበት ማተሚያ ቤት ሲከፍተው በቡቃያ ፋንታ ሦስት ባዶ ሳጥን ነው የሚያየው። ፋይሉን ከመላክዎ በፊት የአማርኛ ፊደል በሌለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩት።